ሩብ እንጀራ

ማሚቱ ቀሚሱን ገልብጣ የውስጥ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና ሳቀች።

«ትርፉን ጨርቅ እንዳትቆርጪው» አለች። «ሐምሌ ላይ ትፈልጊዋለሽ።»

ማሚቱ የሰገነት የወንድሟ ሚስት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። እውነቱን ሰው በተሰበሰበበት መናገር ደስ የሚላት ሴት ናት፤ ይህ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። ሰገነት አሶሳ ገበያ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት የስፌት መኪና ስትረግጥ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ቀሚስ ሲያጠብ ከውስጥ በኩል ሁለት ሁለት ጣት ጨርቅ ይተዋል። ሰው ይወፍራላ! የወፈረ ዕለት ስፌቱ ይፈታና ትርፉ ይወጣለታል።

አምና ሰገነት ዐሥራ ሦስት ኪሎ ቀንሳ ቀሚሶቿን በሙሉ አጥብባ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ «ጨረስኩ» አለችና ጾሙንም ቅነሳውንም በአንድ ገበታ ፈታቻቸው። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ከፍ ባለ ቁጥር ደንግጣ ሁለት ቀን ትራባለች፣ በሦስተኛው ቀን ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፤ እንደገና ትደነግጣለች። ሐምሌ ላይ ዐሥራ ሦስቱም ኪሎ ሁለት ጨምሮ ተመለሰ። ስፌቱን ስትፈታ ማሚቱ አጠገቧ ተቀምጣ ክር ትለቅም ነበር። የለቀመችውን ክር ደግሞ እስከ ዛሬ አልጣለችውም፤ በየበዓሉ ታወጣዋለች።

«ዘንድሮ እቆርጠዋለሁ» አለች ሰገነት።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት! ውፍረትም ቤቱን ያውቃል፣ እኅቴ።»

ሰገነት መቀሱን አነሳች። እጇ አሁኑኑ ቁረጪው ቁረጪው አላት። ግን እልህና ችኮላ አንድ እንዳልሆኑ አምና ተምራለች፤ መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው።

«ሚዛኔ ሦስት ሳምንት አንድ ቦታ ሲቆም እቆርጠዋለሁ። አንቺው እዚሁ ቆመሽ እያየሽኝ።»

ነገሩ የቀሚስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰገነትም ስቃ ታልፈው ነበር። ግን እናቷ ወይዘሮ ትሩፋት አሉ። ስኳር ከሦስት ዓመት በፊት የግራ እግራቸውን ጣቶች ከሥራቸው አስቆርጧቸዋል። ሰገነት በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች፤ የእናቷን እግር ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቁስል መኖር አለመኖሩን አገላብጣ ታያለች። ያንን እግር በእጇ ይዛ የራሷን ማሰብ አይቀርም። አምና ውፍረቱ ከተመለሰባት በኋላ በባዶ ሆዷ ስትለካ ስኳሯ መቶ ዐሥራ ስምንት ሆኖ ተገኘ። «ገና አልያዘሽም» አለቻት ነርሷ፣ «ግን በሩ ላይ ቆመሻል።» ዘንድሮ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ከሰማንያ ስድስት ኪሎ ወደ ሰባ ሁለት ስትወርድ ስኳሯም ወደ ዘጠና አምስት ወረደ። ከበሩ ተመልሳለች። አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ትቆያለች ወይስ እንደ አምናው ተንደርድራ ትመለሳለች?

ይህን የሚያውቀው ረጀብ ነው። ረጀብ ስፖርት የተማረ የአሶሳ ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የሚነገረው በርታኛ ስለሆነ አማርኛውን የሚናገረው እንደፈቀደው ነው። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፤ ማንም ተቀይሞት አያውቅም። ሰገነት ብረት የምታነሳበት ጂሙ በብሎኬት የታጠረ ግቢ ሲሆን ከብረቶቹ ግማሹ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ቆርቆሮዎች ናቸው። ክብደት ግን ክብደት ነው፤ ቆርቆሮ ነኝ ብሎ አይቀልም።

«አምና አንተ የቀነስከው ጥሩ ነበር» አላት የፋሲካ ሰሞን። «የጨረስከው ነው መጥፎ። መጨረስም ሥራ ነው፣ ወላሂ።»

ደብተሩን ገለጠና አሰላላት። ዘንድሮ በመጨረሻዎቹ ወራት በቀን ወደ ዐሥራ አምስት መቶ ካሎሪ እየበላች በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ትቀንስ ነበር። ይህ ማለት ሳትቀንስም ሳትጨምርም የሚያቆማት ምግብ ወደ ሁለት ሺህ አካባቢ ነው። መካከል ላይ ያለው አምስት መቶ ካሎሪ ስንት ነው? በሰገነት ቤት እንጀራ ሲታሰብ አንድ ሙሉ እንጀራ ነው። አንድ እንጀራ ለአራት ሲከፈል ሩቡ መቶ ሃያ አምስት ገደማ ይሆናል።

«በየሳምንቱ የቀን ምግብህ ላይ ሩብ እንጀራ ጨምር» አላት። «አንድ ሳምንት አይተን ሌላ ሩብ። ጥራጥሬውን አትቀንስ፣ እንቁላሉን አትተው፣ ብረቱንም አትተው፤ ብረቱን ከተውክ ጡንቻው ይሄዳል። ጠዋት ሽንት ቤት ገብተህ፣ ምግብ ሳትቀምስ ተመዘን፤ ጻፍ። የአንድ ቀን ቁጥር ውሸታም ነው፤ የሰባቱን ቀን አማካይ ነው የምናምነው።»

«ሩብ እንጀራ? ሰው ይስቃል እኮ።»

«ይሳቅ። መጀመሪያ ሳምንት አንድ ኪሎ፣ አንድ ተኩል ትጨምራለህ። አትደንግጥ። ምግብ ሲጨምር ጡንቻ ስንቁን መልሶ ይይዛል፣ ከስንቁ ጋር ውኃ ይይዛል። ጨውም ውኃ ይይዛል። ሆድህ ውስጥ ያለውም ምግብ ይመዝናል። ይኼ ስብ አይደለም።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እግር አውጥቶ እስኪሄድ ድረስ ግን ጎረቤት ስንት ነገር እንደሚለው የነገረን የለም። የፋሲካ ዕለት ወንድሟ ቤት ሰገነት አንድ ሰሐን ዶሮ ወጥ ከአንድ እንቁላል ጋር ጥርግ አድርጋ በላች፤ ደስ ብሏት በላች። ሁለተኛ ሊጨመርላት ሲል መዳፏን ሰሐኗ ላይ ዘርግታ ከደነችው።

«አፈር ስሆን!» አለች ማሚቱ ጉርሻውን አየር ላይ ይዛ።

«አትሁኚ፣ በቅቶኛል።»

«በበዓል? ታመምሽ እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል! እኔ ለሰው አፍ ብዬ አልበላም!»

ማሚቱ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው፤ እስክትውጠው ድረስም ሰገነትን ከማየት አላረፈችም።

በመጀመሪያው ሳምንት አማካይዋ ሰባ ሦስት ነጥብ አንድ ገባ። ሰገነት ቁጥሩን ስታየው ደብተሩን ልትዘጋው ነበር፤ ግን ረጀብ አስቀድሞ ነግሯት ነበርና ጥርሷን ነክሳ ሁለተኛውን ሩብ ጨመረች። በሁለተኛው ሳምንት ሰባ ሦስት ነጥብ ሁለት፤ የቆመ ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ስትረግጥ ጉልበቷ አልዛለም፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ የነበረው እጇ ሞቀ። ሦስተኛውን ሩብ በኩራት ጨመረች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ሰባ ሦስት ነጥብ ስድስት፣ አራተኛው ላይ ሰባ አራት ነጥብ አንድ።

ይህ ውኃ አይደለም። ውኃ አንዴ ይመጣና ይቆማል፤ ይህ ግን በየሳምንቱ ደረጃ እየረገጠ የሚወጣ ነገር ነው። ሰገነት ደብተሯን ደጋግማ አየች። ሩቦቹ ሁሉ ልክ ናቸው፤ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቷል፤ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ሻዩ ያለ ስኳር መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። ያን ዕለት ማታ ወንድሟ ቤት ስትገባ ማሚቱ ጉንጯን ቆንጠጥ አደረገቻት።

«እሰይ! ወዝሽ ተመለሰ። አላልኩሽም?»

በማግስቱ ጂም ስትገባ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር።

«መልሰኝ» አለችው ረጀብን። «ወደ ዐሥራ አምስት መቶ መልሰኝ። ከቻልክ ወደ ዐሥራ ሁለት።»

ረጀብ ብረቱን አስቀመጠ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ይወርዳል።»

«አምናም ወርዶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ምን አደረግክ?»

በሦስተኛው ቀን ያደረገችውን ሁለቱም ያውቁታል።

«ሳናውቅ አንቆርጥም» አላት። «ወይ ስሌቴ ተሳስቷል፣ ወይ ደብተርህ ጎደሎ ነው። ሦስት ቀን ታገሥ፤ ምግቡን ባለበት ተወው። አፍህ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ይጻፍ። ውኃም ቢሆን።»

«ደብተሬ ጎደሎ አይደለም! ከሩብ እንጀራ ፍርፋሪ አልሰረቅኩም!»

«ሰረቅክ አላልኩህም፤ ጻፍ ነው ያልኩህ።»

ሰገነት በሩን ገፍታ ወጣች። ሌባ የተባለች ያህል ተሰምቷታል። እንዲያውም ሌባ ብትሆን ይሻላት ነበር፤ ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ያውቃል።

ወንድሟ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ። እናቷ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሠፈራ መጥተው ገና ዓመት ሳይሞላቸው የተከሉት ነው። የማንጎ ወራት ሲገባ አሶሳ እንዴት እንደምትሆን ያየ ያውቃል፤ ማንጎ ጣሪያ ላይ ይወድቃል፣ መንገድ ላይ ይወድቃል፣ ፍየሉም ሰዉም እኩል ይጠግባል። ስለዚህ ማንም ምግብ አይለውም። ስድስት ማንጎ የበላ ሰው «ምን በላህ?» ሲባል «ምንም፣ ማንጎ ብቻ» ይላል፤ ይህንንም ሲል አይዋሽም።

ወይዘሮ ትሩፋት ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሰገነት እግራቸውን አጥባ ስትጨርስ፣ ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ እንደሚያደርጉት፣ ልጠው ያዘጋጁትን ሰሐን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። እሳቸው አይቀምሱም። የእግራቸው ጣቶች ከተቆረጡ ወዲህ ማንጎ በአፋቸው አልዞረም። ልጃቸው ስትበላ ግን ከንፈራቸው አብሯት ይንቀሳቀሳል።

«ብዪ እንጅ። የዛሬው ማር ነው።»

ሰገነት አንዱን አነሳች፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። እያወራች ነበር። ስለ ረጀብ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሌብነቱ ክስ እየተንተከተከች ታወራለች። አምስተኛውን ጨርሳ ጣቶቿን ስትልስ ዓይኗ ሰሐኑ ላይ ዐረፈ። ተግጠው የነጡ አምስት የማንጎ ፍሬዎች ተደርድረዋል።

«እማዬ» አለች፣ «ትናንትስ ስንት በላሁ?»

«ምኑን?»

«ማንጎውን።»

«አይ እንግዲህ! ማንጎ ይቆጠራል?»

ሰገነት መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ እንባ ሆነ። ወር ሙሉ የእንጀራ ሩብ ስትለካ፣ ዘይት በማንኪያ ስትሰፍር፣ ሁለት ሳምንት በየቀኑ አምስት ማንጎ በዚያው አፏ ገብቷል፤ እሷም ደብተሯም አላዩትም።

በማግስቱ አምስቱን ፍሬዎች በጋዜጣ ጠቅልላ፣ አንድ ሙሉ ማንጎም ይዛ ጂም ሄደች። ረጀብ ጥቅሉን ፈታ። ከዚያ ማንጎውን ልጦ፣ ሥጋውን ብቻ መዝኖ፣ ደብተሩ ላይ አሰላ።

«አንዱ ሩብ እንጀራ ነው ማለት ነው» አለ። «አምስቱ ደግሞ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጣል። የመጣው ግማሽ ኪሎ ይኸው።» ጭንቅላቱን አከከ። «እኔም አልጠየቅኩህም። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ አራት በልቻለሁ፤ ‹ቁርስ አልበላሁም› ብዬ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ታዲያ ልተወው?»

«ለምን ትተዋለህ? የአሶሳ ሰው በማንጎ ወራት ማንጎ ካልበላ ምን ሊሆን ነው? ሁለት ብላ፤ ከጨመርከው እንጀራም ሁለት ሩብ ብቻ ብላ። ሂሳቡ ያው ሁለት ሺህ ነው። ወደ ታች አንሮጥም፣ ወደ ላይም አንሮጥም። ቆመን እናያለን።»

ስሌቱ ቀላል ነበር። ከባዱ ለእናት መንገር ነው።

ወይዘሮ ትሩፋት የተላጡትን አምስት ማንጎዎች አቅርበው ልጃቸው ሁለት ብቻ አንስታ ስታቆም ፊታቸው ጨለመ።

«የኔን ማንጎ? አንች፣ የኔን የእጄን ተክል በሚዛን? ከሰው ሁሉ ተጣልተሽ አሁን ወደኔ መጣሽ?»

«አልተጣላሁሽም፣ እማዬ።»

«እኔ አልበላው! ስትበይልኝ ማየትም ይከልከልብኝ?»

ሰገነት የእናቷን እግር ገና ከጭኗ ላይ አላወረደችውም ነበር። ያን ጣት የሌለውን እግር በሁለት እጇ ያዘችው፤ ስትናገር ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ።

«ስኳር ይሄን ወሰደብሽ! የኔን ግን አይወስድም! ማሚቱ ብትስቅ፣ ገበያው ቢስቅ፣ አንቺም ብትቀየሚኝ አልሰጠውም! አንቺን የሚያጥብ እኔ አለሁ፤ እኔን ማን ያጥበኛል?»

ማሚቱ ከወጥ ቤት በር ላይ ብቅ ብላ ቆመች። ወይዘሮ ትሩፋት ዓይናቸውን ከእግራቸው አላነሱም፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ነጠላቸው ላይ ተንጠባጠበ። ሰገነትም ተናግራ ሳትጨርስ አዝናለች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

ከዚያ ሦስተኛውን ማንጎ አነሳችና ቢላዋውን ፈለገች። ግማሹን ቆርሳ፣ ከግማሹም ቀጭን ቁራጭ ለይታ ወደ እናቷ ዘረጋች።

«እራትሽን ከበላሽ በኋላ ይቺን ታህል መብላት ትችያለሽ። ጣትሽ የተቆረጠ ጊዜ ነርሷ ነግራሻለች፣ አብሬሽ ነበርኩ። አንቺ ግን ‹ክልክል ነው› ያለችሽ ይመስል ሙሉ በሙሉ ተውሽው።»

«እንዲህ አለች?»

«እንዲህ ነው ያለችው። ትንሽ፣ ከምግብ ጋር፣ ስኳርሽን እየተለካሽ።»

ወይዘሮ ትሩፋት እራታቸውን እስኪበሉ ድረስ ያን ቁራጭ ከሰሐኑ ዳር አላስነሱትም። ሲጎርሱት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዛፉ አላረጀም» አሉ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰሐኑ ላይ የሚቀርበው ማንጎ ሁለት ሆነ። አንድ ቀን ማሚቱ ሦስተኛ ጣል ልታደርግበት ስትል ወይዘሮ ትሩፋት እጇን በመቋሚያቸው መለሱት።

«ሁለት ነው!» አሉ። «ደብተር አለ እዚህ ቤት!»

የሚቀጥለው ሳምንት አማካይ ሰባ አራት ሆነ። ከዚያ ሰባ ሦስት ነጥብ ስምንት፣ ከዚያ ሰባ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ከዚያ እንደገና ሰባ ሦስት ነጥብ ስምንት። በየቀኑ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በሳምንቱ ግን ያው ነው። ረጀብ የመጨረሻውን ቁጥር ከጻፈ በኋላ በደማቁ ከሥሩ አሠመረበት። «ይኼ ነው ቤትህ» አላት። ከሰባ ሁለቱ በሁለት ኪሎ ግድም ከፍ ብላለች፤ አንዱ ስንቅና ውኃ ነው፣ የቀረው የማንጎው ቅጣት። ከሰማንያ ስድስቱ ግን ዐሥራ ሁለት ኪሎ ርቃለች። ስኳሯን ስትለካ ዘጠና አራት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች፤ ማሚቱን ጠርታ አጠገቧ አቆመቻት። ስፌቱን ገለበጠችና ሁለት ጣቱን ትርፍ ጨርቅ ዘረጋችው።

«ኧረ ሰገነት፣ ለማንኛውም ትንሽ ተዪ» አለች ማሚቱ። የዛሬው ድምፅዋ ሹፈት የለበትም፤ የፈራች ይመስላል። «ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስ።»

ሰገነት መቀሱ እጇ ላይ እንዳለ ቆመች። እውነት ነው፤ ጨርቅ ከተቆረጠ አይመለስም። ወደፊትም ፋሲካ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሌላ የማንጎ ወራት አለ።

ወይዘሮ ትሩፋት ከበርጩማቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። እያነከሱ መጥተው የጨርቁን አንድ ጫፍ ያዙና ለመቀሱ እንዲመች ወጠሩላት።

«ቁረጭው» አሉ። «እኔ ይዠልሻለሁ።»